አየር ያጠረው የሚመስለው ደም፦ በጭንቀት ጊዜ ጣት ለምን ይወረራል፣ ራስስ ለምን ያዞራል?



የፈተና ሳምንት በተቃረበበት በዚህ ወቅት ስለ ትንፋሽ ለመናገር መምረጤ በአጋጣሚ አይደለም። ለምሳሌ ያህል አንዲት ተማሪ በሐሳባችን እንፍጠር። ሁለተኛ ዓመት ናት፤ ከዴቻ መጥታ እዚህ ቦንጋ ትማራለች። ሌሊቱን በቡና ታግዛ ስታጠና አድራለች። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ለፈተና ልትቀመጥ ስትል ደረቷ አልሞላ ይላታል፤ ደጋግማ ትተነፍሳለች፤ ትንፋሹ ግን አያረካትም። ጥቂት ቆይቶ ከንፈሯ ዙሪያ ይደነዝዛል፣ ጣቶቿን ይወርራታል፣ ጆሮዋ ጭው ይላል፣ ራሷን ያዞራታል። በመጨረሻም የሁለቱም እጆቿ ጣቶች ያለ ፈቃዷ ይኮማተራሉ፦ አውራ ጣት ወደ መዳፍ ይገባል፣ ሌሎቹ ቀጥ ብለው ይገጥማሉ፣ አንጓዋ ይታጠፋል።

በዙሪያዋ ያሉት ሁሉ ሊረዷት ይሯሯጣሉ። አንዱ መስኮት ይከፍታል፣ አንዷ ውኃ ትረጫለች፣ አንዷ ቡዳ ነው ትላለች፣ ሌላው «በረጅሙ ተንፍሺ፣ አየር ሳቢ!» እያለ ይወተውታል። ወደ ጤና ተቋም ስትወሰድ ጣቷ ላይ የሚቆነጠጠው የኦክሲጅን መለኪያ 98 ያሳያል። ስኳሯ ደህና ነው፤ የካልሲየም ምርመራዋም ልከኛ ነው። «ምንም የለብሽም» ትባላለች። ልጅቱም ከሁለት አንዱን ይዛ ትወጣለች፦ ወይ ያልተገኘ የልብ በሽታ አለብኝ የሚል ስጋት፣ ወይ አስመስላለች ተብዬ ተናቅሁ የሚል ቅሬታ። የዛሬው ንግግሬ ሁለቱም ስህተት መሆናቸውን ለማሳየት ነው። በደሟ ውስጥ የተለወጠ ነገር አለ፤ ሊለካም ይችላል። ችግሩ፣ የተለኩት ነገሮች የተለወጡት አለመሆናቸው ነው።

ከኦክሲጅን እንጀምር፤ ምክንያቱም ቋንቋችን ራሱ ወደዚያ ይመራናል። «አየር አጠረኝ»፣ «ትንፋሼ ቁርጥ አለ» እንላለን። ሕመምተኛዋም ሆነች ረዳቶቿ የጎደለው አየር ነው ብለው ያምናሉ። ቦንጋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ስለሆነች የአየር ግፊቱ በግምት 615 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ሳንባ ውስጥ የሚገባው አየር በውኃ ተን ስለሚረጥብ ከዚህ ላይ 47 እንቀንሳለን። ከቀሪው 21 ከመቶ ገደማው ኦክሲጅን ነው፤ ይህም ወደ 119 ይመጣል። ከዚህም ላይ ደም ወደ ሳንባ የሚያመጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቦታ ይይዛል። በዚህ ከፍታ የሚኖር ጤናማ ሰው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት 38 ነው እንበል። ይህን ለ0.8 አካፍለን ስንቀንስ በሳንባ የአየር ከረጢቶች ውስጥ የሚቀረው የኦክሲጅን ግፊት 72 ገደማ ይሆናል።

አሁን ልጅቱ ደጋግማ ተንፍሳ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ወደ 20 አወረደችው እንበል። ያንኑ ስሌት ስንደግም የኦክሲጅኑ ግፊት 94 ይሆናል። ማለትም አየር አጠረኝ በምትልበት ቅጽበት ሳንባዋ ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ከወትሮው በልጧል። መለኪያው 98 ማሳየቱም ለዚህ ነው፤ በሌላ ቀን በሰላም ተቀምጣ ቢለካላት 95 ገደማ ሊሆን ይችላል። መስኮቱን የከፈተው ጓደኛዋ ክፉ አላደረገም፤ የጎደላትን ግን አልሰጣትም። የጎደላት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነውና።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ ይገረማል። ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ጀምሮ የምናውቀው እንደ ቆሻሻ፣ ሰውነት ሊጥለው እንደሚገባ ጢስ ነው። ደም ግን ቆሻሻውን እንደ መሣሪያም ይጠቀምበታል፤ የአሲድና የቤዝ ሚዛኑን ከደቂቃ ደቂቃ የሚያስተካክለው በዋናነት በእርሱ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ይህን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለማስወጣት ምን ያህል መተንፈስ እንደሚያስፈልግ እንይ። ያረፈ ሰው በደቂቃ 12 ጊዜ፣ በየጊዜው ግማሽ ሊትር ገደማ ይተነፍሳል። ከእያንዳንዱ ትንፋሽ 150 ሚሊ ሊትር ያህሉ በአየር መተላለፊያ ቧንቧ ብቻ ተመላልሶ ይወጣል፤ ከደም ጋር አይገናኝም። ስለዚህ በደቂቃ ከደም ጋር የሚገናኘው አየር 4.2 ሊትር ነው። ልጅቱ በደቂቃ 16 ጊዜ፣ በየጊዜው 700 ሚሊ ሊትር ብትተነፍስ ይህ አኃዝ 8.8 ሊትር ይደርሳል፤ ከእጥፍ አለፈ። በዚህ ከቀጠለች የካርቦን ዳይኦክሳይዷ ግፊት ወደ ግማሽ ይወርዳል። ልብ በሉ፦ 16 ጊዜ መተንፈስ ከውጭ ለሚያይ ሰው ማለክለክ አይመስልም። ጥቂት ጥልቀትና ጥቂት ፍጥነት፣ በየመሃሉም አንድ ሁለት ረጅም የኀዘን ትንፋሽ ይበቃል። «እንዲያውም ደህና ነው የምትተነፍሰው» የሚለው ምስክርነት ብዙ ጊዜ የሚያሳስተን በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ደሙ እንግባ። የደምን ፒኤች የሚወስነው የባይካርቦኔትና የሟሟው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ንጽጽር ነው፦

pH = 6.1 + log([HCO₃⁻] / (0.03 × PCO₂))

ከጥቃቱ በፊት ባይካርቦኔቷ 23፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዷ 38 ነበር። 38ን በ0.03 ስናባዛ 1.14 ነው፤ 23ን ለዚህ ስናካፍል 20 ገደማ፤ ሎጋሪዝሙ 1.3፤ ፒኤቹም 7.40። በጥቃቱ ጊዜ ግፊቱ ወደ 20 ወረደ። ባይካርቦኔቱም በሰውነት ኬሚካላዊ መከላከያ ምክንያት በመጠኑ ይቀንሳል፤ ለእያንዳንዱ 10 ሚሊ ሜትር ቅነሳ 2 አሃድ ያህል ስለሚወርድ 19.5 ገደማ ይሆናል። 19.5ን ለ0.6 ስናካፍል 32.5፣ ፒኤቹም 7.61። ልዩነቱ ሁለት ዐሥረኛ ነውና ኢምንት ይመስላል። ሚዛኑ ግን በሎጋሪዝም የተሠራ ነው፦ በደሟ ውስጥ ያለው የሃይድሮጅን አየን መጠን ከ40 ወደ 25 ናኖሞል ገደማ ወርዷል፤ ከሦስት አንድ እጅ በላይ ጠፍቷል ማለት ነው። ኩላሊት ባይካርቦኔትን እየጣለ ይህን ማካካስ ይችላል፤ ነገር ግን ሰዓታትና ቀናት ይፈልጋል። የፈተና ክፍሉ ጥቃት የሚፈጸመው በደቂቃዎች ውስጥ ነው።

ይህ ለውጥ ጣት ድረስ የሚደርሰው በከፊል በካልሲየም በኩል ነው። በደም ውስጥ ካለው ካልሲየም ግማሽ ያህሉ ነጻ ሆኖ ይንቀሳቀሳል፤ ከቀሪው አብዛኛው አልቡሚን በተባለው ፕሮቲን ላይ ተጣብቋል። አልቡሚንን ብዙ ወንበር እንዳለው ሚኒባስ ቁጠሩት፤ ወንበሮቹን ሃይድሮጅንና ካልሲየም ይሻሙባቸዋል። ሃይድሮጅን ሲያንስ ወንበር ይለቀቃል፤ ካልሲየም ደግሞ ገብቶ ይቀመጣል። በመናኸሪያው ያለው ሰው ቁጥር አልተለወጠም፤ ሜዳ ላይ የሚንቀሳቀሰው ግን አነሰ። ላቦራቶሪ በተለምዶ የሚቆጥረው ጠቅላላውን ነው፤ ስለዚህ «ካልሲየም ልከኛ» የሚለው ውጤት ትክክል ሆኖ ሳለ ጥያቄውን አይመልስም። ነጻውን ካልሲየም የሚለኩ መሣሪያዎች እንኳ አንዳንድ ጊዜ ውጤቱን ፒኤቹ 7.40 ቢሆን ኖሮ ወደሚኖረው አኃዝ አስተካክለው ያትማሉ፤ ያን ጊዜ የምንፈልገው ልዩነት በማስተካከያው ይሰረዛል። የላቦራቶሪ ሳይንስ ተማሪዎች ወረቀቱ ላይ የትኛው አኃዝ እንደታተመ ማንበብ ልማድ ያድርጉ።

ይሁን እንጂ ብዙ መጻሕፍት እዚህ ላይ ይቆማሉ፤ እኔ ግን ታሪኩ በዚህ አይበቃም እላለሁ። ፒኤች በ0.1 ሲጨምር ነጻው ካልሲየም የሚቀንሰው በሊትር 0.05 ሚሊሞል ገደማ ነው። በልጅቱ ስሌት ከ1.20 ወደ 1.10 ወረደ ማለት ነው። በሌሎች በሽታዎች፣ ለምሳሌ ከታይሮይድ ቀዶ ሕክምና በኋላ፣ ካልሲየም ሲጎድል እጅ የሚኮማተረው ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይበልጥ ሲወርድ ነው። እንግዲያው ካልሲየሙ ብቻውን አያደርገውም፤ የሃይድሮጅን መቀነስ ራሱ በቀጥታ ነርቩን ያነሣሣዋል። ሁለቱም በነርቩ ሽፋን ላይ አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራሉ፦ የሶዲየም በሮች በትንሽ ግፊት የሚከፈቱ ይሆናሉ። ካልሲየምና ሃይድሮጅን ሁለቱም አዎንታዊ ሙሌት ያላቸው በመሆናቸው በሽፋኑ ላይ ተቀምጠው በሮቹን እንደ ዘበኛ ይይዟቸው ነበር። ዘበኞቹ ሲሳሱ ነርቩ ማንም ሳይነካው መልእክት መላክ ይጀምራል። ያ መልእክት ነው ጉንዳን እንደሚሄድበት ሆኖ የሚሰማን። ጣቱ ላይ ምንም የለም፤ ነርቩ ግን በእርግጥ እየተናገረ ነው።

ይህን እ.ኤ.አ. በ1991 ሁለት ተመራማሪዎች፣ ማስፊልድና በርክ፣ በፈቃዳቸው አብዝተው በሚተነፍሱ ሰዎች ነርቭ ላይ ለክተው አሳይተዋል። የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግፊት በአማካይ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ሲወርድ መወረር ጀመረ፤ ጥቂት ጨምሮ ሲወርድ የጡንቻ ነርቮች በራሳቸው መተኮስ ጀመሩ፤ ከዚያ የእጅ መኮማተር ተከተለ። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉት፤ ስሜት ተቀባዮቹ ነርቮች ይቀድማሉ፣ አንቀሳቃሾቹ ይከተላሉ። ልጅቱ መጀመሪያ መደንዘዝን፣ በኋላ መኮማተርን የተናገረችው በዚህ ሥርዓት ነው፤ የሚያስመስል ሰው ይህን ቅደም ተከተል ከየት ያገኘዋል? የእጇ ቅርጽም በሕክምና ታሪክ ስም አለው፤ የአዋላጅ እጅ ይባላል። ፈረንሳዊው ሐኪም ትሩሶ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ክንድን በማሰር ይህን ቅርጽ ማስመጣት እንደሚቻል ገልጾ ነበር። በራስ ፈቃድ አብዝቶ በመተንፈስም ይኸው መኮማተር እንደሚመጣ እ.ኤ.አ. በ1920 ግራንትና ጎልድማን አሳይተዋል።

የራስ ማዞሩ መንገድ ሌላ ነው። የአንጎል ደም ቅዳ ቧንቧዎች ለካርቦን ዳይኦክሳይድ እጅግ ስሱ ናቸው፤ ሲበዛ ይሰፋሉ፣ ሲያንስ ይጠባሉ። ኬቲና ሽሚት እ.ኤ.አ. በ1946 በሰዎች ላይ ባደረጉት ልኬት አብዝቶ መተንፈስ ወደ አንጎል የሚሄደውን ደም በሦስተኛ ያህል እንደሚቀንስ አግኝተዋል። ስለዚህ ልጅቱ ደሟ በኦክሲጅን ተሞልቶ ሳለ አንጎሏ የሚደርሰው ደም ግን አንሷል። በዚያ ላይ ፒኤች ሲጨምር ሄሞግሎቢን ኦክሲጅኑን አጥብቆ ይይዛል፤ ይህን እ.ኤ.አ. በ1904 የገለጸው ቦር ነው። ጭው ማለቱ፣ የዓይን መደብዘዙ፣ «እኔ ራሴ እዚህ የለሁም» የሚለው እንግዳ ስሜት በአብዛኛው ከዚህ ይመነጫል።

በዚህ ረገድ የእኛው አገር ሰዎች የሰጡት መረጃ አለ፤ በማስተማሪያ መጻሕፍት ብዙም ስለማይጠቀስ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናት ከባሕር ወለል በላይ ከ3,600 ሜትር በሚበልጥ ደጋ የሚኖሩ ዘጠኝ ኢትዮጵያውያን ወንዶች ተመረመሩ፤ ከዚያም ወደ 800 ሜትር ገደማ ቆላ ወርደው በማግስቱ ምርመራው ተደገመላቸው። የሚተነፍሱት ኦክሲጅን ወደ ግማሽ ሲወርድ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዳቸውም ሳይለወጥ ሲጠበቅ፣ ወደ አንጎላቸው የሚሮጠው ደም ፍጥነት አልተለወጠም ለማለት ይቻላል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሲለወጥ ግን በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር 2 ከመቶ ገደማ ይለወጥ ነበር። የደጋው ሰው አንጎል የኦክሲጅን እጦትን ችሎ ሲያልፍ ለካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን እንደማንኛችንም ይታዘዛል። ከከፍታ ጋር የተላመደ ሕዝብ ነን ብሎ መዝናናት በዚህ ጉዳይ አይጠቅምም። በ2 ከመቶ ብናሰላ እንኳ የልጅቱ የ18 ሚሊ ሜትር ቅነሳ ከሦስተኛ በላይ የሚሆነውን የአንጎል ደም ይወስዳል።

ቡናውንስ? በከፋ ምድር ቆሞ ስለ ቡና ክፉ መናገር ድፍረት ይጠይቃል፤ እኔም ቡኖ ሳልጠጣ የምውልበት ቀን የለም። ቢሆንም ካፌይን በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይገባል። አንደኛ፣ የትንፋሽ ማዕከሉን በመጠኑ ያነቃቃል። ሁለተኛ፣ አዴኖሲን የተባለውን ቧንቧ አስፊ ንጥረ ነገር ስለሚያግድ የአንጎልን ደም ቅዳ ቧንቧዎች ራሱ ያጠባል፤ 250 ሚሊ ግራም ካፌይን የአንጎልን የደም ፍሰት በአምስተኛ ወይም ከዚያ በላይ ሊቀንስ ይችላል። ሌሊቱን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ስትል ያደረች ልጅ ከጥቃቱ በፊት ግማሹን መንገድ ሄዳለች።

ታዲያ ምን ይደረግ? «በረጅሙ ተንፍሺ» የሚለው ምክር በቅን ልብ የሚሰጥ ነው፤ ነገር ግን ረጅም ትንፋሽ ማለት ተጨማሪ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማስወጣት ማለት ነው። የሚያስፈልገው ጥቂትና ዘገም ያለ ትንፋሽ ነው፦ በአፍንጫ፣ ደረት ሳይሞላ፣ አራት ያህል እየቆጠሩ ማስገባት፣ ስድስት ያህል እየቆጠሩ ማስወጣት። ሰውነት ካርቦን ዳይኦክሳይድን ያለማቋረጥ ስለሚሠራ ጉድለቱን ራሱ ይሞላዋል፤ እኛ ማድረግ ያለብን መድፋቱን ማቆም ብቻ ነው። ጣቱ ደቂቃዎች ሊፈጅበት ይችላል፤ ይህን አስቀድሞ መንገር ይበጃል፤ ያለዚያ «ተሻለኝ» ስትል የቀረው መደንዘዝ እንደገና ያስደነግጣታል። ግሉኮስ በደም ሥር መስጠት ከዚህ ከተነገረው ሁሉ አንዱንም አይነካም። ጥቂት ቆይታ ስለሚያስገኝ ግን የሠራ ይመስላል፤ በቀጣዩ ጥቃት ልጅቱ ግሉኮስ ፍለጋ ትሮጣለች።

ከረጢት አፍ ላይ ደፍኖ የራስን ትንፋሽ መልሶ መሳብ በፊልምም በመጻሕፍትም የታወቀ ነው። የተባለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይመልሳል፤ ኦክሲጅንንም ይጨርሳል። እ.ኤ.አ. በ1989 ካላሃም የተባለ ሐኪም በጤነኞች ላይ ሲለካ ኦክሲጅናቸው በአማካይ በ26 ሚሊ ሜትር እንደወረደ አገኘ፤ በሌላ በሽታ ተይዘው ሳለ ጭንቀት ነው ተብለው ከረጢት የተሰጣቸው ሦስት ሰዎች መሞታቸውንም ዘገበ። በቦንጋ ከፍታ መነሻችን 72 መሆኑን አስታውሱ። ፌስታል ከሆነ ደግሞ ጨርሶ የሚታሰብ አይደለም።

ትልቁ አደጋ ያለው እዚህ ነው፤ አብዝቶ የሚተነፍስ ሁሉ የተጨነቀ አይደለም። ስኳር በሽታ ያለበት ወጣት ደሙ አሲድ ሲሆን በጥልቀትና በፍጥነት ይተነፍሳል፤ ይህ ትንፋሽ ግን የሚያድነው ነው፤ አሲዱን እያስወጣለት ነውና። እርሱን ማዘግየት ይገድላል። መለያዎቹ ብዙ ጊዜ ግልጽ ናቸው፦ ውኃ ጥማትና የሽንት መብዛት ለቀናት ቀድሟል፣ ትንፋሹ ይሸታል፣ በጣት ጠብታ የሚለካው ስኳር ከፍ ብሏል። የሳንባ ምች፣ አስም፣ ወደ ሳንባ የሄደ የደም መርጋትም በፈጣን ትንፋሽ ይታያሉ፤ በእነዚህ ግን ኦክሲጅኑ አብዛኛውን ጊዜ ይወርዳል፤ ባይወርድ እንኳ ትኩሳት፣ የደረት ፉጨት ወይም የአንድ እግር እብጠት ሊኖር ይችላል። በጭንቀት የመጣ ፈጣን ትንፋሽ ሰውየው እንቅልፍ ሲወስደው ይረግባል፤ በበሽታ የመጣው አይረግብም። 90 የሚያሳይ መለኪያ ይዞ «ጭንቀት ነው» የሚል ተማሪዬን አላሳልፈውም።

በመጨረሻ የዚህን ማብራሪያ ወሰን ልንገራችሁ። ለረጅም ጊዜ፣ የድንጋጤ ጥቃት ራሱ የሚፈጠረው ከካርቦን ዳይኦክሳይድ መቀነስ ነው የሚል እምነት ነበር፤ ምርመራውም ሕመምተኛውን ሆን ብሎ አብዝቶ ማስተንፈስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ሆርንስፌልድና ሌሎች ተመራማሪዎች በሆላንድ ይህን ፈተኑ። ሕመምተኞቹ ሁለት ጊዜ አብዝተው ተነፈሱ፤ በአንዱ ጊዜ ግን ሳያውቁት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለተጨመረላቸው ደማቸው አልተለወጠም። ብዙዎቹ በዚህኛውም ጊዜ ያንኑ ስሜት ተናገሩ። በየቤታቸው በተደረገ ክትትልም አብዛኞቹ ጥቃቶች ያለ ጉልህ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መውረድ መጡ። ስለዚህ የከንፈር መደንዘዝ፣ የሁለቱ እጆች መወረርና መኮማተር ሲኖር ደሙ መለወጡን መናገር እንችላለን፤ ፍርሃቱ ከዚያ ተወለደ ማለት ግን አንችልም። ፍርሃቱ ይቀድማል፣ ትንፋሹ ይከተላል፣ የጣቱ መወረር ደግሞ ተመልሶ ፍርሃቱን ያባብሰዋል። ለልጅቱ በቀላል ቋንቋ ልንነግራት የምንችለው ይህንኑ ነው፦ «ልብሽ ደህና ነው፣ አየርም አልጎደለሽም፤ አብዝተሽ በመተንፈስሽ ደምሽ ለጊዜው ተለውጧል፣ ጣትሽን የወረረሽም እውነት ነው፤ ትንፋሽሽን ስታሳንሺ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቅሻል።» ያስፈራትን ነገር፣ ፈተናውንም ሆነ ከቤት የመጣውን ወሬ፣ ከዚያ በኋላ ተቀምጦ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ያንን የደም ምርመራ አይነግረንም።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።